በልጄ ስም የተኛው

በመድን ድርጅቱ የካሳ ክፍል ውስጥ ባልደረቦቿ ወንፊት የሚሏት ሴት አለች። ስሙን ያወጡላት ለሐሜት ነበር። ጆሮዋ ሲደርስ ግን ታኮርፋለች ብለው ሲጠብቁ፣ «ታዲያ ገለባውን ከፍሬው ማን ይለይላችሁ?» ብላ ሳቀችባቸው፤ ከዚያ ወዲህ ሐሜቱ ማዕረግ ሆነ። ክፉ ሰው አይደለችም። ሰው በመሠረቱ ደግ ነው፣ ሲቸግረው ግን ይዋሻል ብላ ታምናለች። የተጭበረበረ ደረሰኝ ስታገኝ አትጮህም፣ አታስፈራራም፤ ወለል ላይ የወደቀ መርፌ እንዳገኘ ሰው አንሥታ ጠረጴዛ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ሌላውን አለቆቿ ይጨርሱት።

ያ ፋይል የመጣ ዕለት ግን መርፌም አልታያትም። ለትምህርት ውጭ አገር ከሄደ ተማሪ የቀረበ የጉዞ ሕክምና ካሳ ጥያቄ ነበር። ልጁ ድንገት ሆዱን ታሞ ሆስፒታል ገብቷል፣ ትርፍ አንጀቱ በቀዶ ሕክምና ወጥቷል፣ ሂሳቡን ከኪሱ ከፍሏል፣ አሁን ድርጅቱ እንዲተካለት ይጠይቃል። አባሪዎቹ ተሟልተዋል፦ የተሞላው ቅጽ፣ ዝርዝር የሆስፒታል ሂሳብ፣ የተከፈለበት ደረሰኝ፣ የመግቢያ ማኅተም ያለበት የፓስፖርት ቅጂ፣ ከሆስፒታል ሲወጣም የተሰጠው የሕክምና ማጠቃለያ። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው። በውሉ መሠረት ተማሪው ሲተኛ ለድርጅቱ የአደጋ ጊዜ መስመር መደወል ነበረበት፣ አልደወለም። ይህ ደግሞ ልጆች ሁልጊዜ የሚረሱት ነገር ነው። ምክንያቱን ጠይቃ ማስታወሻ ብታስቀምጥ ያልፋል። ስለዚህ ቅጹ ላይ ወደ ተጻፈው ስልክ ደወለች።

ያነሣው ሰው ድምፁ ለስለስ ያለ፣ ቃላቱን እንደ ዕንቁላል እየተጠነቀቀ የሚያስቀምጥ ነበር። የተማሪውን ስም ከነአባቱ ጠርታ «አንተ ነህ?» አለችው።

«ነኝ» አለ።

«ሆስፒታል ስትገባ ለምን አልደወልክልንም ልጄ?»

«ሆዴን ይዤ ነው የገባሁት። የማስታውሰው ጣሪያውን ብቻ ነው። አንደኛው መብራት ይርገበገብ ነበር፤ እሱን እያየሁ ጠፋሁ።»

«ቁስሉስ አሁን እንዴት ነው?»

«ካልሳቅኩ አያመኝም» አለ። «ለመሳቅ ደግሞ የሚያስቸኩለኝ ነገር የለም።»

ወንፊት ሳቀች። እንዲህ ያለውን ነገር ሆዱ ላይ ቁስል የሌለበት ሰው አይናገረውም፤ በሥራ ዘመኗ ሐሰተኛ ሕመምተኞችን ስታዳምጥ ኖራ ይህን ለይታ ታውቃለች። ሐሰተኞቹ ስለ ሕመሙ ያወራሉ፣ እውነተኞቹ ስለ ጣሪያው። ልትዘጋ ስትል እንዲያው ለወጉ ያህል፣ «እናትህ ሰምተው ተጨነቁ?» አለችው። መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ነበር።

«እናቴ ስለኔ ምንም አልሰማችም» አለ በመጨረሻ፤ ስልኩም ተዘጋ።

ጥርጣሬ የሚባለው ነገር እንደ ትንኝ ነው፣ መብራት አጥፍተህ ልተኛ ስትል ነው የሚመጣው። ወንፊት «ይከፈል» ብላ ልትፈርም ብዕር ካነሣች በኋላ ነው የሆነ ነገር ጆሮዋ ሥር የጮኸው። ወደ ኋላ ተመልሳ ተማሪው ከመሄዱ በፊት የተሞላውን የመድን ማመልከቻ አወጣች። ውሉን የገዙለት እናቱ ናቸው። «የማይስማማው መድኃኒት» በሚለው ቦታ ላይ፣ በቀይ ብዕር፣ መስመሩን አልፎ በወጣ ትልልቅ ፊደል «ፔኒሲሊን!» ተብሎ ተጽፏል፤ ቃለ አጋኖው ብቻውን ሰው ያስደነግጣል። የሆስፒታሉን ዝርዝር ሂሳብ ጎኑ አስቀመጠችው። ለልጁ በደም ሥር የተሰጠው መድኃኒት አምፒሲሊን ነው። አንዴ አይደለም፣ እስኪወጣ ድረስ በየስድስት ሰዓቱ። ማጠቃለያው ደግሞ «የማይስማማው መድኃኒት፦ የለም» ይላል። ሕመምተኛው በመልካም ሁኔታ ላይ ሆኖ ወጥቷል።

የድርጅቱ አማካሪ ሐኪም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ የሚመጡ፣ ጡረታ የወጡ፣ ቀልዳቸው ግን ጡረታ ያልወጣ ሽማግሌ ናቸው። ወረቀቶቹን ወሰደችላቸው።

«አምፒሲሊን የፔኒሲሊን ወንድም ነው» አሉ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው እየሰቀሉ። «እናትየው ያሉት እውነት ከሆነ ይህ ልጅ የመጀመሪያው መርፌ ላይ ማበጥ ነበረበት። ሁለተኛውን ባላየው ነበር።»

«ታዲያ?»

«ታዲያማ ወይ እናትየው ተሳስተዋል፣ ወይ ተአምር ነው፣ ወይ አልጋው ላይ የተኛው ሌላ ሰው ነው።» ሳቁና ወረቀቱን መለሱላት። ከዚያ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «አንድ ነገር ግን ልብ በይ። በዚያ ሆስፒታል መዝገብ ላይ አሁን የእኛ ልጅ ትርፍ አንጀት የለውም፣ ፔኒሲሊንም ይስማማዋል። ነገ ትኩሳት ይዞት ቢሄድ መዝገቡን አይተው ይወጉታል።»

በማግሥቱ፣ እንደተጠሩ ሁሉ፣ እናትየው መጡ። ልብስ ሰፊ ናቸው። መለኪያ ሜትራቸውን አንገታቸው ላይ እንዳንጠለጠሉ ረስተውት ነው ከሱቅ የወጡት። ልጃቸው በፖስታ የላከላቸውን ዋናዎቹን ሰነዶች በብጣሽ ጨርቅ ጠቅልለው ይዘዋል፤ ድርጅቱ በቅጂ ብቻ እንደማይከፍል ነግሯቸዋል። ልጃቸው የሆስፒታሉን ሂሳብ የከፈለው በትምህርት ቤት ክፍያው ነው፣ ገንዘቡ ቶሎ ካልተመለሰ ትምህርቱ ይቋረጣል።

«እትዬ፣ ይቺ ፔኒሲሊን የሚሏት ነገር…» አለች ወንፊት።

«አትጥሪብኝ እቴ!» አሉ እናትየው። «ሕፃን ሳለ ለጉሮሮው ወጉትና ፊቱ እንደ ሊጥ ኩፍ አለ። ዓይኑ ጠፋ፣ ከንፈሩ ጠፋ፣ ልጄን አቅፌ ልጄን ፊቱ ላይ አጣሁት። ከሞት አፍ ነው የነጠቁልኝ። እኔ ይህን ልረሳ?»

ወንፊት ዓይኗን ወደ ሂሳቡ መለሰች። እናትየው ግን ያላመነቻቸው መስሏቸው፣ «ካላመንሽኝ ከራሱ ስሚው» ብለው ስልካቸውን አውጥተው ደወሉ፤ ድምፅ ማጉያውንም ከፈቱት።

«እማ!» አለ ወጣቱ። ጎርነን ያለ፣ የሚጣደፍ ድምፅ። ቃላቱ እርስ በርስ ይጋፋሉ። የትናንቱ ድምፅ አይደለም። ወንፊት ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። ስሟንና ሥራዋን ነግራ፣ በተቻላት መጠን ተራ አድርጋ፣ «ቁስልህ እንዴት ነው?» አለችው።

«የቱ ቁስል… እ፣ እሱማ! ደህና ነው፣ በጣም ደህና ነው። እግዜር ይስጥልኝ።»

እናትየው በኩራት አዩዋት። እሷ የምታየው የስልኩን ቁጥር ነው፤ ቅጹ ላይ ያለው አይደለም። እናትየው ከሄዱ በኋላ በሩን ዘጋችና ቅጹ ላይ ያለውን ቁጥር እንደገና መታች። ስልኩ ትንሽ ጠራ። «ሃሎ» አለ ያ ለስላሳው ድምፅ። ሳትናገር ዘጋችው። ባንድ ስም ሁለት ሰው አለ፤ ሁለቱም ስልክ ያነሣሉ፣ ሁለቱም «ነኝ» ይላሉ።

የክፍሉ ኃላፊ ከወንፊት በዕድሜ የሚያንስ፣ ሕግ በቃሉ የሚያውቅ ሰው ነው። ሰምቶ እስኪጨርስ አላቋረጣትም። «ጎበዝ» አላት። «ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ገብተን ነበር። ከዚህ በኋላ ለጠያቂውም ለእናቱም ስልክ አይደወልም። ሆስፒታሉ ሰነዶቹን እንዲያረጋግጥልን ጻፊ፤ መልሱ ሲመጣ ፋይሉ ወደ ምርመራ ክፍል ይሄዳል።» ደንቡ ነው። ማጭበርበር ሲጠረጠር ጠያቂውን ማነጋገር ሰነድ እንዲያጠፋ ዕድል መስጠት ነው። ወንፊትም ይህን ደንብ ለአዳዲስ ሠራተኞች የምታስተምረው ራሷ ነበረች። በቅጹ ግርጌ ሕመምተኛው ለድርጅቱ መረጃ እንዲሰጥ ፈቅዶ ፈርሟል፤ ፊርማውን አያይዛ ለሆስፒታሉ ጻፈች።

መልሱን ስትጠብቅ የሰነበተችበትን ጊዜ አትወደውም። ድርጅቱ የቆየ ሕንፃ ውስጥ ነው፤ ሊፍቱ አንዳንዴ ማንም ሳይጠራው እነሱ ያሉበት አራተኛ ፎቅ ላይ ይቆምና በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። ባልደረቦቿ «ደንበኛ መጣ» እያሉ ይቀልዳሉ። እሷም ትቀልድ ነበር። ያን ሰሞን ግን በሩ ሲከፈት ቀና ማለት ተወች። ከዚያ ባዶ ሊፍት ውስጥ አንድ ልጅ ሆዱን ይዞ የሚወጣ ይመስላት ነበር፤ ፊቱ ደግሞ እናትየው እንዳሉት የጠፋ።

የሆስፒታሉ መልስ ደረሰ። ሰነዶቹ እውነተኛ ናቸው፣ ሂሳቡም ልክ ነው። ከሥር ግን ያልጠበቀችው ነገር ነበረ። የሚወጣ ትርፍ አንጀት ሁሉ ለላቦራቶሪ ምርመራ ይላካል፤ ውጤቱ የሚመጣው ሕመምተኛው ከወጣ በኋላ ነው። የዚህ ልጅ ውጤት መጥቷል። ሆስፒታሉ፣ ልጁ በሰጠው ስልክ ደጋግሞ ቢደውልም አይነሣም። የመድን ድርጅቱ ሕመምተኛውን የሚያገኝበት መንገድ ካለ በአስቸኳይ እንዲረዳ ይለምናል።

ሐኪሙ አነበቡት። ያን ቀን አልቀለዱም።

«ዕጢ ነው» አሉ። «በትርፍ አንጀቱ ሥር ላይ። ሲቆርጡ በዕጢው መሐል ነው የቆረጡት፣ የቀረው ሆዱ ውስጥ ነው። ባይታመም ኖሮ እስኪሰፋ ድረስ አይታይም ነበር፤ እግዜር ሳይደግስ አይጣላም ማለት ይህ ነው። አሁን ተመልሶ ገብቶ የአንጀቱን ቀኝ ክፍል ቢያስቆርጥ ይድናል። ሳያውቅ ከዞረ ግን…»

«ምን ያህል ጊዜ አለው?»

«እኔ እግዜር አይደለሁ! ዛሬ ይሂድ፣ ያ ነው የማውቀው።»

ወንፊት ወደ ኃላፊው ቢሮ ስትገባ አላንኳኳችም። አንብቦ ወረቀቱን ቀስ አድርጎ አስቀመጠው። ፊቱ ላይ ሐዘን ነበረ፣ ሐሰት የሌለበት ሐዘን።

«ያሳዝናል» አለ። «ግን የታከመው መድን ገቢያችን ካልሆነ ሕመምተኛው ደንበኛችን አይደለም። ሆስፒታሉ ይፈልገው። ስሙ እጃቸው ላይ ነው።»

«እጃቸው ላይ ያለው ስም የሱ አይደለም እኮ!»

«አንቺም የያዝሽው ሌላ ስም የለም» አላት።

ይህ እውነት ነበርና ነደዳት። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ ይሄኛው ልጅ ግን በቁሙ ስም አልባ ነው። ዕጢ አለበት፣ ቁስል አለበት፣ ለስላሳ ድምፅ አለው፣ የሚጠሩበት ግን የለም። በምሳ ሰዓት ኮቷን ለብሳ ደንቡን ጠረጴዛዋ ላይ ጥላ ወጣች።

የልብስ ስፌቱ ሱቅ ከመንገዱ ዝቅ ብሎ ሁለት ደረጃ ወርዶ የሚገባበት ነው። በሩ አጠገብ ራስ የሌላቸው የልብስ ማሳያ አሻንጉሊቶች ያልተጨረሰ ኮት ለብሰው ቆመዋል። እናትየው መርፌ በከንፈራቸው ይዘው ነበር፤ የወንፊትን ፊት ሲያዩ አውጥተው ደረታቸው ላይ ሰኩት።

«ልጄ ምን ሆነ?»

«ልጅዎ ደህና ነው። እትዬ፣ መጀመሪያ ይሄን ይስሙኝ፣ ልጅዎ ደህና ነው» አለች ወንፊት፤ እጃቸውንም ያዘች። «ይደውሉለትና በምስል እንየው።»

ልጁ ምስሉ ላይ ብቅ አለ፤ ጠባብ ክፍል፣ አልጋ፣ መስኮት። ወንፊት ምንም ሳትጠይቅ «ሸሚዝህን ከፍ አድርግ» አለችው። ልጁ እናቱን አየ፣ እሷን አየ። ለመዋሸት አፉን ከፈተ፤ ከዚያ ዓይኑ እንባ ሞልቶ ሸሚዙን ገለጠው። ሆዱ ንጹሕ ነው። ጭረት እንኳ የለበትም። እናትየው ባዶውን ሆድ እያዩ «እልል» ማለት ይሁን ማልቀስ ጠፋባቸው።

«አንድ ልጅ እኔ ጋ ያድር ነበር» አለ ልጁ። «ወለል ላይ። ክፍሉ ለአንድ ሰው ነው፣ ማንም እንዲያየው አይፈልግም። የመኖሪያ ፈቃድ የለውም፣ ቢይዙት ወደ አገሩ ይመልሱታል። ስሙን ነግሮኝ ነበር፤ ኋላ ቦርሳው ውስጥ ያየሁት ወረቀት ሌላ ስም ነው ያለው። የቱ የሱ እንደሆነ አልጠየቅሁትም። እንዲህ ያለውን ሰው ስሙን መጠየቅ ልብሱን አውልቅ እንደ ማለት ነው።»

«ታዲያ እንዴት…» አሉ እናቱ።

«ጠዋት ነው፣ ሆዱን ይዞ ተጠቀለለ። ታክሲ ውስጥ ጥርሱ ይንገጫገጫል። መቀበያው ላይ የመታወቂያ ካርድ ሲሉኝ እጄ የራሴን ሰጠ። እማ፣ እጄ ነው የሰጠው። ከዚያ ነርሷ በሩ ላይ ቆማ ስሜን ጠራች። አቤት ልል ስል እሱ ከተሽከርካሪው አልጋ ላይ እጁን አነሣ። እኔ ወንበሬ ላይ ዝም ብዬ ቀረሁ።»

ወንፊት ስለ ስልክ ቁጥሩ ጠየቀችው። ለሆስፒታሉ የሰጠው የዚያ ልጅ ቁጥር ነበር፤ ቅጹ ላይም እሱኑ ደግመው የጻፉት ድርጅቱ ስለ ቁስሉ ቢጠይቅ የሚያውቀው እሱ ስለሆነ ነው። ዕዳውን ለመመለስ ሁለቱ ተማክረው ያደረጉት ነው። ተማሪው ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ከወጣ በኋላ ግን ሌላ ሰው ሆነ። እኔን መንገድ ላይ ሲጠሩኝ እሱ ዞር ይላል። አንድ ቀን በመስተዋት ፊት ቆሞ ስሜን በቀስታ ይለዋል፣ ደጋግሞ፣ ጫማ እንደሚለካ ሰው። ፈራሁት። በማግሥቱ ፍራሹን አጣጥፎ፣ ክፍሉን ጠርጎ ሄደ። የት እንዳለ አላውቅም። እኔ ስደውልለት አያነሣም።»

ወንፊት ውጤቱን ነገረቻቸው። ልጁ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እናትየው ደግሞ መጀመሪያ የጠየቁት ሌላ ነበር። «ይሄ በሽታ… በወረቀቱ ላይ የልጄ ስም ነው ያለው?»

«አዎ፣ እትዬ።»

እናትየው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ወንፊት የሚሆነውን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፦ ካሳው አይከፈልም፣ ውሉም ሊሰረዝ ይችላል። ተማሪው ፔኒሲሊን እንደማይስማማው በጽሑፍ ኪሱ ውስጥ ይያዝ፤ መዝገቡ ላይ ያለው ሰው እሱ አይደለም። እናትየው ሁሉንም ሲሰሙ ራሳቸውን ብቻ ይነቀንቁ ነበር። ከዚያ «ደውዪለት» አሉ። «ለዚያኛው።»

ከራሷ ስልክ ደወለች፣ ድምፅ ማጉያውን ከፍታ። ከመንገዱ ጫማ ሲያልፍ ይሰማል። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፤ ሊቋረጥ ሲል ተነሣ። የሚናገር የለም፣ የሚተነፍስ ግን አለ።

«አትዝጋው» አለች ወንፊት። «ስምህን አልጠይቅህም። ልከስህም አይደለም። ካሳውን እርሳው፣ ያለቀ ነገር ነው። ሆስፒታሉ የሚፈልግህ ለገንዘብ አይደለም።» ከዚያ ሐኪሙ እንዳሉት ነገረችው፤ ዕጢውን፣ የቀረውን፣ መዳን እንደሚቻል፣ ዛሬውኑ መሄድ እንዳለበት።

«ውጤቱ በማን ስም ነው የወጣው?» አለ ለስላሳው ድምፅ።

«በሱ ስም።»

«እንግዲያ የሱ ነዋ» አለ። አላሾፈም፤ ረጋ ብሎ፣ የሌላ ሰው ጃንጥላ በስሕተት እንደ ሰጡት ሰው ነው የተናገረው። «እኔ ደህና ነኝ።»

«ልጄ፣ ሆዱ ያንተ ነው እኮ! እውነቱን ተናገርና ግባ። ሐኪም የሚያክመው ሰው ነው፣ ስም አይደለም።»

«ስም ካልሰጠሁ በሩን አያሳልፉኝም። የራሴን ከሰጠሁ ደግሞ የምወጣው በሌላ በር ነው።»

ትክክል ነው ያለው። በዚህ መሐል እናትየው ተነሥተው ስልኩን ከወንፊት እጅ ወሰዱት። አንገታቸው ላይ ያለው ሜትር ይወዛወዛል።

«ልጄ» አሉት። «እኔ እናቱ ነኝ።»

ትንፋሹ ቆመ።

«እናት አለህ?»

እናትየው ስልኩን ወደ ከንፈራቸው አስጠጉ።

«ለማንም አልናገርም፣ ለጸሎት ነው የምጠይቅህ። ስምህ ማነው?»

ከመንገዱ አንድ መኪና አለፈ። ከዚያ ልጁ ተናገረ፣ በጣም በቀስታ፣ ፊደል እንደሚቆጥር ሕፃን። የነገራቸው ስም እሳቸው ለገዛ ልጃቸው ያወጡለት ነበር።

ወንፊት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች። እናትየው ግን ስልኩን አልጣሉትም። ፊታቸው ነጣ፤ ዓይናቸው ከአንዱ አሻንጉሊት ኮት ላይ ሳይነቀል ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ወንፊት ኋላ ይህን ስታስበው እናትየው በዚያች ቅጽበት ምን እንዳሰቡ ታውቃለች፤ እሷም እናት ናትና። ያ ስም በሐኪም አፍ ይጠራል፣ ቢላዋ ሥር ይጠራል፣ ምናልባትም የማይነቃ ሰው ላይ ይጠራል። እናት የልጇን ስም ወደዚያ ቦታ አትልክም። ጠላቷ እንኳ እንዲልክባት አትፈቅድም።

«እሺ» አሉ እናትየው። ድምፃቸው ተሰበረና እንደገና ቆመ። «እሺ ልጄ። በሱው ግባ። ስሙን ያወጣሁት እኔ ነኝ፣ እኔ ፈቅጄልሃለሁ። ሲጠሩህ ነኝ በል። ዕዳው ይምጣ፣ ልብስ ሰፍቼ እከፍላለሁ። ተኝተህ ታከም፤ አታሳፍረኝ። ሰማኸኝ?»

«ሰማሁ» አለ። ከዚያ እንደ መተንፈስ ባለ ድምፅ፣ «እማ» አለ፤ መስመሩም ተዘጋ።

ወንፊት ሥራዋ ምን እንደሚል ታውቃለች፤ የሰማችውን ጽፋ ማቅረብ አለባት። ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት በቀረው ሥራዋ እንዲህ ያለ ማጭበርበር ዓይኗ እያየ ሲፈጸም የመጀመሪያው ነው። ከንፈሯን ነክሳ ቆመች፤ እንባዋ ደግሞ ፈቃድ ሳይጠይቅ ወረደ።

እናትየው ስልኩን መልሰው ሰጧት። የገዛ ስልካቸው የስፌት መኪናው ላይ ተጋድሞ ነበር፤ የልጃቸው መስመር መቼ እንደተቋረጠ ሁለቱም አላስተዋሉም። ያን ጊዜ ስልኩ መጥራት ጀመረ። ስክሪኑ ላይ የልጃቸው ስም ይበራል፣ ይጠፋል፣ ይበራል። እናትየው እጃቸውን ዘረጉ፤ ሊነኩት አንድ ጣት ሲቀራቸው ቆሙ።

«እህቴ» አሉ፣ ወደ ወንፊት ሳይዞሩ። «ባነሣው የቱ ልጄ ነው የሚያናግረኝ?»